ፊርማው አለ፤ ሰዓቱስ?

ባለፈው ዓመት ከአንድ ድርጅት ጋር ተከታታይ ጽሑፎች ልሠራ ተዋዋልኩ። ውሉ ሰኔ ላይ በፒዲኤፍ ተላከልኝ፤ ሥራ አስኪያጁ በዲጂታል ፊርማ ፈርመውበታል። ስከፍተው አረንጓዴ ምልክት አሳየኝ፤ ሥራ ጀመርኩ። ነሐሴ ላይ ሥራ አስኪያጁ ለቀቁ፤ ድርጅቱም ሰርተፍኬታቸውን አሰረዘ። ጥር ላይ ክፍያ ስጠይቅ "ይህን ውል ከለቀቁ በኋላ ፈርመውልህ ይሆናል" አሉኝ። ፋይሉን እንደገና ከፈትኩት፤ አረንጓዴው ቀይ ሆኗል።

ከውሉ አንዲት ፊደል አልተነካችም። ታዲያ ምን ተፈጠረ?

ዲጂታል ፊርማ የተቃኘ የማህተም ፎቶ አይደለም። ሶፍትዌሩ ከሰነዱ ይዘት አጭር የስሌት አሻራ ያወጣል፤ ፈራሚው በእጁ ባለው ሚስጥራዊ ቁልፍ አሻራውን ይፈርማል። ሰርተፍኬቱ ደግሞ "ይህ ቁልፍ የእገሌ ነው" የሚል የሦስተኛ ወገን ምስክር ነው። ተቀባዩ ጋ ያለው ሶፍትዌር አሻራውን ራሱ እንደገና አስልቶ ከተፈረመው ጋር ያመሳክራል። ከዚያ ሰርተፍኬቱን የሰጠው አካል የሚታመን መሆኑን፣ ሰርተፍኬቱም አለመሰረዙን ያጣራል።

የእኔ ውል የወደቀው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው። ሰርተፍኬቱ ሲፈረም ይሠራ ነበር፤ ግን መቼ እንደተፈረመ ማን ይመስክር? በፋይሉ ላይ ያለው "ሰኔ" የፈራሚው ኮምፒውተር ሰዓት ነው። የኮምፒውተርን ሰዓት ወደኋላ መመለስ ለማንም ቀላል ነው። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ያንን ቀን አላመነም፤ ሰርተፍኬቱን በዛሬው ቀን መዝኖ ጣለው።

መፍትሔው የጊዜ ማህተም ነው። በሚፈረምበት ቅጽበት ሶፍትዌሩ የፊርማውን አሻራ ለጊዜ ማህተም አገልግሎት ሰጪ ይልካል፤ ሰነዱ ራሱ አይላክም። አገልግሎት ሰጪው የራሱን ሰዓት ጨምሮ በራሱ ቁልፍ ፈርሞ ይመልሳል። የእኔ ውል ይህ ቢኖረው ኖሮ ፊርማው ከስረዛው በፊት እንደነበረ ይረጋገጥ ነበር።

አዶቤ ሪደር ላይ ለማየት የፊርማ ዝርዝሩን (Signature Panel) ክፈቱ። "Signing time is from the clock on the signer's computer" ካለ የጊዜ ማህተም የለውም። "The signature includes an embedded timestamp" ካለ አለው። ይህን ማየት የሚቻለው ግን ዋናው ፋይል ሲኖር ብቻ ነው፤ ታትሞ ወይም ስክሪንሾት ተደርጎ የመጣ ፊርማ የሚጣራ ነገር የለውም።

"ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አገር ያስቸግራል" የሚል አለ። እውነት ነው፤ አገልግሎቱ በሚፈረምበት ሰዓት መስመር ይፈልጋል። ግን መስመር እስኪመለስ መጠበቅ እንደኔ ከመከራከር ይቀላል።

እኔን ያተረፈኝ ውሉ የመጣበት የሰኔው ኢሜይል ነው፤ የደረሰበት ቀን በሰርቨር ተመዝግቧል። ከዚያ ወዲህ የጊዜ ማህተም የሌለው ውል ሲመጣልኝ አረንጓዴ ቢሆንም እመልሰዋለሁ፤ ሰርተፍኬቱ ሳይሰረዝ ወይም ሳያልፍበት በጊዜ ማህተም እንደገና ይፈረምልኝ።