ሳይን ከፍታ ነው፤ ሠንጠረዡ ይቆየን

ሰሞኑን አሥረኛ ክፍል የሚማር አንድ የሰፈራችንን ልጅ እያስጠናሁ "ሳይን 150 ስንት ነው?" ብዬ ጠየቅኩት። ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ትንሽ ቆየና "ቲቸር፣ 150 እኮ ቴብሉ ላይ የለም" አለኝ። ልክ ነው፣ የለም። እሱ የሸመደደው ሠንጠረዥ ላይ ያሉት 0፣ 30፣ 45፣ 60 እና 90 ብቻ ናቸው። "እሺ፣ ሳይን 30ስ?" ስለው ሳልጨርስ "ግማሽ!" አለ። "የምን ግማሽ?" አልኩት። ዝም።

ልጁን ሰነፍ ልለው አልችልም። ሠንጠረዡን አንድም ሳይስት በግማሽ ደቂቃ ይጽፈዋል። ችግሩ ቁጥሮቹ የምን ልኬት እንደሆኑ ማንም አላሳየውም። ብዙ ጊዜ ትምህርቱ የሚጀመረው ባለ 90 ዲግሪ ጎነ ሦስት ተስሎ ነው። ሳይን ማለት የፊት ለፊቱ ጎን ለሃይፖቴኑዝ ሲካፈል ነው ይባላል፣ ወዲያው ሠንጠረዡ ይመጣል፣ ይሸመደዳል። ከዚያ በኋላ 150 ዲግሪ ሲመጣ ተማሪው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። የጎነ ሦስት ዲግሪዎች ተደምረው 180 ናቸው፤ አንዱ 90 ከሆነ 150 የት ይገባል?

ስለዚህ እኔ ክቡ ይቅደም፣ ሠንጠረዡ መጨረሻ ላይ ይምጣ ባይ ነኝ።

ከልጁ ጋር ያደረግነውን ልንገራችሁ። ስልካችሁን አስቀምጣችሁ ወረቀት ላይ ብትሞክሩት ደግሞ ይበልጥ ይገባችኋል። ኮምፓሱን 10 ሴንቲ ሜትር ከፍተን ግራፍ ወረቀት ላይ ክብ ሠራን። በመሃሉ አንድ አግድም፣ አንድ ደግሞ ቁም መስመር አሰመርን። ከአግድሙ መስመር የቀኝ ጫፍ ተነስተን ወደ ላይ 30 ዲግሪ ለካንና ክቡ ላይ ነጥብ አደረግን። "ነጥቡ ከአግድሙ መስመር ምን ያህል ከፍ ብሏል?" በማስመሪያ ለካ፤ 5 ሴንቲ ሜትር። "ከቁሙ መስመር ወደ ቀኝ ምን ያህል ርቋል?" 8.7 ገደማ። ሁለቱንም ለ10 አካፈልን፣ 0.5 እና 0.87 መጡ። የመጀመሪያው ሳይን 30፣ ሁለተኛው ኮሳይን 30 ነው። ሳይን የነጥቡ ከፍታ፣ ኮሳይን የነጥቡ የጎን ርቀት፣ በቃ።

ለ10 ያካፈልነው ሬዲየሱን 1 ለማድረግ ነው። መጽሐፉ "ዩኒት ሰርክል" የሚለው ይህንኑ ነው። ማካፈሉን የረሳ ተማሪ "ሳይን 30 አምስት ነው" ይላል። ስህተቱን ግን ራሱ ሊይዘው ይችላል፤ ነጥቡ ከክቡ አናት በላይ መውጣት ስለማይችል ሳይን ከ1 ሊበልጥ አይችልም።

ማስመሪያው 5 አለ እንጂ በትክክል 5 መሆኑን በምን እናውቃለን? 4.9 ቢሆንስ? እዚህ ላይ መቆም ያስፈልጋል፤ ከጠቅላላው ትምህርት እኔ የምወደውም ይህችን ቦታ ነው። ከአግድሙ መስመር በታችም 30 ዲግሪ ወርደን ሌላ ነጥብ አደረግን። የላይኛውንና የታችኛውን ነጥብ ከክቡ መሃል ጋር ስናገናኝ ጎነ ሦስት ወጣ። መሃሉ ላይ ያለው ስፋት 30 ሲደመር 30፣ ማለትም 60 ዲግሪ ነው። ሁለቱ ጎኖች ሁለቱም ሬዲየስ ስለሆኑ እኩል ናቸው፤ ስለዚህ የቀሩት ሁለቱ አንግሎችም እኩል ሆነው 120ን ይካፈላሉ፣ 60፣ 60። ሦስቱም 60 ከሆኑ ሦስቱም ጎኖች እኩል ናቸው። ስለዚህ ከላይኛው ነጥብ እስከ ታችኛው ያለው ርቀት ልክ 10 ነው። አግድሙ መስመር እሱን እኩል ለሁለት ይከፍለዋል፤ 5 እና 5። "የምን ግማሽ?" ላልኩት መልሱ ይኸው፣ የሬዲየሱ ግማሽ።

በነገራችን ላይ ሳይን ሲፈጠርም የገመድ ግማሽ ነበር። የጥንት ህንዶች በሳንስክሪት የደጋን ገመድ ማለት በሆነ ቃል ይጠሩት ነበር፤ ቃሉ ወደ አረብኛ ገብቶ፣ ኋላ አንባቢዎች ከሌላ ቃል ጋር አምታተውት፣ በላቲን "ሲነስ" ተብሎ ተተረጎመ። ከላይኛው ነጥብ እስከ ታችኛው ያሰመርነውን መስመር እንደ ገመድ፣ የክቡን ቁራጭ እንደ ደጋን አድርጋችሁ እዩት፤ ቁርጥ ቀስት ነው።

ወደ 150 እንመለስ። ልጁ ከቀኝ ጀምሮ ለካና ነጥቡ በስተግራ ወደቀ። 180 ለመሙላት 30 ዲግሪ ይቀረዋል። ወረቀቱን በቁሙ መስመር ላይ ሲያጥፈው የ30ው ነጥብና የ150ው ነጥብ ተገጣጠሙ። ከፍታቸው አንድ ነው፣ ስለዚህ ሳይን 150 ግማሽ ነው። የጎን ርቀቱም ያው 8.7 ነው፣ ግን በስተግራ ስለሆነ ኮሳይን 150 ኔጌቲቭ 0.87 ይሆናል። በየትኛው ሩብ ላይ ምን ፖዘቲቭ እንደሆነ ለማስታወስ የሚሸመደደው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አላስፈለገንም።

ቀጥሎ ሆን ብዬ "30 ላይ ግማሽ ከሆነ 60 ላይ እጥፉ፣ አንድ ይሆናላ?" አልኩት። ሠንጠረዡን በቃሉ የሚያውቀው ልጅ ለአፍታ ተስማማ! ለክቶ 8.7 ሲያገኝ ግን ሳቀ። ከመነሻው አካባቢ ክቡ ቀጥ ብሎ ስለሚወጣ ከፍታው በፍጥነት ይጨምራል፤ አናቱ ጋ ሲደርስ ክቡ ወደ ጎን ይተኛል፣ ጭማሪውም ያንሳል። በመጀመሪያዎቹ 30 ዲግሪዎች 5 ሴንቲ ሜትር፣ በመጨረሻዎቹ 30 ደግሞ 1.3 ብቻ። ሠንጠረዡ ይህን አይናገርም። ሳይን 60ንና ኮሳይን 60ን የሚያምታታ ተማሪም መድኃኒቱ እዚሁ ነው፤ 60 ላይ ነጥቡ ከፍ ያለ ግን ለቁሙ መስመር የቀረበ ስለሆነ 0.87ቱ የከፍታው፣ 0.5ቱ የጎኑ ነው።

ልኬት ፍጹም አይደለም። ፕሮትራክተሩን 1 ዲግሪ ብትስቱ 30 አካባቢ ከፍታው በ1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይዛባል። 4.8 ወይም 5.2 ያመጣ ተማሪ አልተሳሳተም፤ ልክ 5 መሆኑን የሚነግረው ከላይ ያየነው ጎነ ሦስት ነው። 8.7 ያመጣው ተማሪ ደግሞ 86.6 ሚሊ ሜትር የሆነውን √3/2 በማስመሪያ በትክክል ሊያነበው አይችልም፤ እሱን የሚሰጠው ፓይታጎረስ ነው።

መምህራን ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ክፍሉ ሞልቷል፣ ኮምፓስ ያለው ተማሪ ጥቂት ነው፣ ፈተና ላይ ደግሞ ክብ መሳያ ጊዜ የለም። እውነት ነው። ለክፍሉ ግን ግማሽ ሜትር ገመድና ጠመኔ ይበቃል። በገመዱ ሰሌዳው ላይ ክብ ሥሩ፤ ያንኑ ገመድ ሳታሳጥሩ ከቀኙ ጫፍ ብትዘረጉት ክቡን የሚነካው ልክ 60 ዲግሪ ላይ ነው፣ ፕሮትራክተር አያስፈልግም። ፈተናውን በተመለከተ ሠንጠረዡ ይያዝ፣ እኔም ይዤዋለሁ፣ ያፈጥናል። ክቡን ሠርቶ ያየ ሰው ግን ሠንጠረዡ ቢጠፋበት ከጥያቄ ወረቀቱ ጥግ ላይ በእጁ በሚሞነጫጭረው ክብ መልሶ ያገኘዋል።

ከመሄዱ በፊት "ሳይን 200?" አልኩት። በጣቱ አየር ላይ ክብ ሠራ። "ከግማሹ ዙር 20 አልፏል… ከአግድሙ በታች ነው፣ ኔጌቲቭ ነው። ግን ገና ስለሆነ ግማሽ አይደርስም። ኔጌቲቭ 0.3 ምናምን።" ለካነው፤ ከመስመሩ በታች 3.4 ሴንቲ ሜትር።