አንድ አክሲዮን መምረጥ ወይስ ገበያውን በሙሉ መግዛት?

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሲከፈት ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ኩባንያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አክሲዮን ገዝተው የማያውቁ ሰዎች “የትኛውን ኩባንያ ልግዛ?” ብለው መጠየቃቸው የተለመደ ነው። ትልልቅ ገበያዎች ባሉባቸው አገራት ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ለመሆኑ መምረጥ ያስፈልጋል ወይ?

አክሲዮን የአንድ ኩባንያ የባለቤትነት ድርሻ ነው። ባለድርሻው ከሁለት መንገድ ገቢ ያገኛል፦ ኩባንያው ከሚያከፋፍለው ትርፍ እና ከአክሲዮኑ ዋጋ ጭማሪ። ኩባንያው ሲከስር ግን ገንዘቡም አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

የናይሮቢ ገበያ የሁለቱንም ምሳሌ ይዟል። የቴሌኮም ኩባንያው ሳፋሪኮም እንደ አውሮፓውያኑ በ2008 አክሲዮኑን በ5 የኬንያ ሽልንግ ለሕዝብ ሸጠ። አንድ ዓመት ሳይሞላ ዋጋው ከ3 ሽልንግ በታች ወረደ፤ በ2021 ደግሞ ከ40 ሽልንግ በላይ ደረሰ። በአንድ ወቅት በአገሪቱ ቀዳሚ የነበረው ስኳር አምራች ሙሚያስ ግን በዕዳ ተዘፍቆ በ2019 በአበዳሪው በተሾመ አስተዳዳሪ እጅ ገባ። ሁለቱም በጊዜያቸው አስተማማኝ መስለው የታዩ ኩባንያዎች ነበሩ። ትክክለኛውን የመረጠ ሰው እንኳ ትርፉን ያገኘው በመጀመሪያው ዓመት ደንግጦ ካልሸጠ ብቻ ነው።

ኢንዴክስ ፈንድ ይህን ምርጫ ያስቀራል። ኢንዴክስ ማለት በአንድ ገበያ ያሉ ኩባንያዎችን በዝርዝር ይዞ የጋራ ዋጋቸውን የሚለካ መለኪያ ነው። በአሜሪካ የታወቀው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ወደ 500 የሚሆኑ ትልልቅ ኩባንያዎችን ይይዛል። ፈንዱ የብዙ ሰዎችን ገንዘብ አሰባስቦ በዝርዝሩ ያሉትን ሁሉ እንደ መጠናቸው ይገዛል። ከገንዘቡ አንድ በመቶ የሚሆነው ድርሻ ያለው ኩባንያ ቢከስር፣ 100 ብር ያስቀመጠ ሰው የሚያጣው 1 ብር ነው። 100 ብሩን በሁለት ኩባንያዎች እኩል ያካፈለ ሰው ግን አንዱ ሲከስር 50 ብር ያጣል።

ሰፋ አድርጎ መያዝ የሚጠቅመው ከኪሳራ ስለሚከላከል ብቻ አይደለም። በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የፋይናንስ ምሁር የሆኑት ሄንድሪክ ቤሴምባይንደር ከ1926 እስከ 2016 በአሜሪካ ገበያ የነበሩ ወደ 26 ሺህ የሚጠጉ አክሲዮኖችን መርምረዋል። ገበያው ከመንግሥት የአጭር ጊዜ የግምጃ ቤት ሰነድ በላይ የፈጠረው ሀብት በሙሉ የመጣው ከኩባንያዎቹ 4 በመቶ ከሚሆኑት ነው። ከግማሽ የሚበልጡት አክሲዮኖች በዕድሜያቸው ሙሉ ያስገኙት ከዚያ ሰነድ ያነሰ ነበር። ጥቂት አክሲዮኖች ብቻ የሚይዝ ሰው እነዚያን ጥቂት አሸናፊዎች የመሳት ዕድሉ ሰፊ ነው። ሁሉንም የያዘ ሰው ግን አሸናፊዎቹም በእጁ ናቸው።

ሁለተኛው ነጥብ ወጪ ነው። ባለሙያዎች አክሲዮን የሚመርጡላቸው ፈንዶች በዓመት አንድ በመቶ ገደማ ሊያስከፍሉ ይችላሉ፤ በአሜሪካ ርካሽ የሆኑት ኢንዴክስ ፈንዶች ግን 0.03 በመቶ ያህል ይወስዳሉ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ይሁንና 10 ሺህ ዶላር ከክፍያ በፊት በዓመት 7 በመቶ ያድጋል ቢባል፣ ከ30 ዓመት በኋላ በርካሹ ፈንድ 75 ሺህ 500 ዶላር ገደማ፣ በውዱ 57 ሺህ 400 ዶላር ገደማ ይሆናል። ወደ 18 ሺህ የሚጠጋው ዶላር በክፍያ ምክንያት የቀረ ነው። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ በ401(k) ለጡረታ የሚቆጥብ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ከፈንዱ ስም ይልቅ ዓመታዊ ክፍያውንና የሚከተለውን ኢንዴክስ አስቀድሞ ቢመለከት ይበጀዋል። “ኢንዴክስ” ተብለው ውድ የሆኑ ወይም በአንድ ዘርፍ ብቻ የተወሰኑ ፈንዶችም አሉና።

ኢንዴክስ ፈንድ ከገበያው ውድቀት አያድንም። ኤስ ኤንድ ፒ 500 በ2008 የትርፍ ድርሻ ተጨምሮበት እንኳ 37 በመቶ ገደማ ወርዷል። በ1989 ጣሪያ የነካው የጃፓኑ ኒኬይ ያንን ዋጋ መልሶ ያለፈው በ2024 ነው። በቅርብ ዓመታት ለቤት ኪራይ ወይም ለትምህርት ቤት ክፍያ የሚፈለግ ገንዘብ በየትኛውም መንገድ አክሲዮን ውስጥ ሊገባ አይገባም።

ሌላው ገደብ የገበያው ስፋት ነው። የተመዘገቡት ኩባንያዎች ጥቂት ሲሆኑ፣ በተለይም አብዛኞቹ ባንኮች ከሆኑ፣ ሁሉንም መግዛትም አደጋውን ብዙ አይበትንም፤ አንድ የብድር ቀውስ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሊመታቸው ይችላል። በአዲስ አበባ አክሲዮን የሚገዛ ሰው ለጊዜው መራጭ ከመሆን አያመልጥም። ስለሆነም የኩባንያውን የተመረመረ የሒሳብ ሪፖርት ማንበብና በአንድ አክሲዮን ላይ ቢጠፋ የማይጎዳውን ያህል ብቻ ማዋል የእርሱ ድርሻ ይሆናል።