ቃሉ ይለዝብ፣ ጥያቄው ይጽና፦ ስለ ቅሬታ ኢሜይል አጻጻፍ

ቁጣ የተቀላቀለበት የቅሬታ ኢሜይል ጽፎ ለሥራ ባልደረባው የሚያሳይ ተመራማሪ፣ «ትንሽ አለዝበው» የሚል ምክር ማግኘቱ የተለመደ ነው። ምክሩ ትክክል ቢሆንም ግማሹ ይጎድለዋል፤ የሚለዝበው የትኛው ክፍል እንደ ሆነ አይናገርምና። አማርኛ ደግሞ ለማለዘብ የሚያገለግሉ እጅግ ብዙ መሣሪያዎች ያሉት ቋንቋ ነው። የጽሑፌ መከራከሪያ እነዚህ መሣሪያዎች በልማድ ሲሠራባቸው ቁጣውን ሳይሆን ጥያቄውን የሚያለዝቡ መሆናቸው ነው። ውጤቱም ጨዋ የሆነ፣ ነገር ግን ምንም የማይጠይቅ ደብዳቤ ይሆናል።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ የአፈር አሲዳማነትን የሚያጠና አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ አለ እንበል። ከአርሶ አደሮች ማሳ የሰበሰባቸውን 48 ናሙናዎች ጥር 12 ቀን ለአንድ ቤተ ሙከራ አስረክቧል፤ ክፍያውንም አጠናቋል፤ ውጤቱን በ30 ቀን ውስጥ ሊቀበል ተስማምቷል። ለእያንዳንዱ ማሳ ምን ያህል ኖራ እንደሚያስፈልግ የሚያሰላው ከዚህ ውጤት ነው። ኖራው ደግሞ በቆሎ ከመዘራቱ አስቀድሞ ከአፈሩ ጋር ካልተቀላቀለ የዓመቱ ሙከራ ይበላሻል። ውጤቱ መጋቢት 18 ቀን ጎደሎ ሆኖ ደረሰ፤ ተማሪውም ከአራት ቀን በኋላ የሚከተለውን ጻፈ።

«እናንተ ሰዎች ሥራችሁን የማታውቁ ናችሁ። ገንዘባችንን ቆጥራችሁ ተቀብላችሁ ሦስት ወር አጉላላችሁን። የላካችሁት ውጤት ቀልድ ነው። የ12 ናሙና ፎስፈረስ የለበትም፤ የቡሬዎቹንም ቁጥር አደባልቃችሁታል። ይባስ ብላችሁ ለድጋሚ ምርመራ ሌላ ገንዘብ ትጠይቃላችሁ። ስልክ ሲደወል የሚያነሣ ሰው የላችሁም። የጎደለውን ባስቸኳይ ላኩ፤ የተደባለቀውን ደግማችሁ ሥሩ፤ ሰባራ ሳንቲም አንጨምርም። አለበለዚያ የት እንደምንሄድ እናውቃለን።»

አንድ ደግ ጓደኛው ይህን አንብቦ በዚህ ተካለት፦ «የላካችሁልን ውጤት ደርሶናል፤ እናመሰግናለን። ሆኖም አንዳንድ ያልተሟሉ ነገሮች ስላሉ በተቻለ ፍጥነት ቢላኩልንና ጉዳዩ ቢታይልን ደስ ይለናል።»

ሁለተኛው ጽሑፍ ማንንም አያስቀይምም። ጥያቄዎቹን ስንቆጥር ግን የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም «ቢታይልን» ነው። ቤተ ሙከራው «ጥያቄዎ ደርሶናል፤ በመታየት ላይ ነው» ብሎ ቢመልስ የተጠየቀውን ሙሉ በሙሉ ፈጽሟል። ጥፋቱ የተሠራው በሦስት ቦታ ነው። «ቢላኩልን ደስ ይለናል» የሚለው አገላለጽ ጥያቄን ወደ ምኞት ይለውጣል። ተደራጊው ግስ አድራጊውን ይሰውራል፤ ማን እንደሚልክ፣ ማንስ እንደሚያይ አይታወቅም። «በተቻለ ፍጥነት» ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስነው ባለዕዳው ራሱ መሆኑን አስቀድሞ ይፈቅዳል። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ሰሙን ሰጥቶ ወርቁን አንባቢው እንዲፈልግ መተው በቅኔ ማኅሌት ያስመሰግናል። በቅሬታ ደብዳቤ ግን ወርቁን የመፈለግ ፍላጎት ያለው አንባቢ የለም።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ሻካራ ቢሆንም ከሁለተኛው የበለጠ መረጃ ይዟል። ስለዚህ ማለዘብ ከመጀመራችን በፊት ምን እንደሚጠይቅ ነቅሶ ማውጣት ያስፈልጋል። ሦስቱ ጥያቄዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፦ የ12ቱ ናሙና ውጤት ይላክ፣ የተደባለቀው እንደገና ይመርመር፣ ተጨማሪ ክፍያ አይጠየቅ። ሁለት ጥያቄዎች ግን በስድቡ ውስጥ ተደብቀዋል። «ውጤታችሁ ቀልድ ነው» ማለት «በቀሩትም ቁጥሮች ላይ እምነት አጥተናል» ማለት ነው። ይህ ወደ ሥራ ቋንቋ ሲመለስ፣ ከናሙናዎቹ ጎን ለጎን የተመረመሩት የማረጋገጫና የድግግሞሽ ናሙናዎች ንባብ ይቅረብልን የሚል ተገቢ ጥያቄ ይሆናል። «የሚያነሣ ሰው የላችሁም» የሚለውም ተጠሪ ይመደብልን ማለት ነው። ስድቡን ዝም ብሎ የሚሰርዝ ሰው እነዚህን ሁለቱን አብሮ ይሰርዛል። በእኔ አስተያየት ቅሬታን በማለዘብ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የሚያሳስተው ይህ ነው፤ ስድብ ብዙውን ጊዜ ስም ያልወጣለት ጥያቄ ነውና።

ከአምስቱ ጥያቄዎች ሌላ አንድ የጊዜ ገደብ («ባስቸኳይ») እና አንድ ማስጠንቀቂያ («የት እንደምንሄድ እናውቃለን») አሉ። ሰባቱንም በወረቀት ከጻፍን በኋላ የሚከተለውን መጻፍ እንችላለን።

«ጉዳዩ፦ ያልተሟላ የአፈር ምርመራ ውጤትን ይመለከታል

ለተከበሩ የቤተ ሙከራው ኃላፊ፤

ጥር 12 ቀን 48 የአፈር ናሙናዎች አስረክበን ሙሉ ክፍያ ፈጽመናል። ውጤቱ በ30 ቀን ውስጥ እንዲደርሰን ተስማምተን የነበረ ሲሆን፣ የደረሰን መጋቢት 18 ቀን፣ ከቀጠሮው 36 ቀን ዘግይቶ ነው። በደረሰን ሰንጠረዥ የ12 ናሙናዎች የፎስፈረስ ውጤት አልተካተተም። እንዲሁም ኖራ የተጨመረበት የቡሬ 07 ማሳ ፒኤች 4.8፣ ኖራ ያልተጨመረበት የቡሬ 09 ማሳ ፒኤች ደግሞ 5.7 ተብሎ ተመዝግቧል፤ የሁለቱ መለያ ቁጥር የተለዋወጠ ይመስለናል። አምስት ጊዜ ደውለን ምላሽ አላገኘንም።

ስለዚህ ቤተ ሙከራው እስከ ሚያዝያ 7 ቀን ድረስ፦ 1ኛ የ12ቱን ናሙናዎች የፎስፈረስ ውጤት እንዲልክልን፤ 2ኛ ቡሬ 07ንና ቡሬ 09ን እንደገና እንዲመረምር፤ 3ኛ ለድጋሚ ምርመራ ያቀረበልንን የተጨማሪ ክፍያ ጥያቄ እንዲያነሣ፤ 4ኛ አብረው የተመረመሩትን የማረጋገጫና የድግግሞሽ ናሙናዎች ንባብ እንዲልክልን፤ 5ኛ ጉዳዩን የሚከታተል አንድ ባለሙያ ስምና ስልክ ቁጥር እንዲያሳውቀን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ቀኑን የወሰንነው ኖራው ከበቆሎ ዘር አስቀድሞ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል ስላለበት ነው። ለድጋሚ ምርመራው አፈር የሚያስፈልግ ከሆነ መጠባበቂያ ናሙና በእጃችን ስላለ፣ በተነገረን በ3 ቀን ውስጥ እናደርሳለን። እስከተጠቀሰው ቀን ካልተፈጸመልን ጉዳዩን ለዩኒቨርሲቲያችን የሕግ አገልግሎት የምናቀርብ መሆኑን እናሳውቃለን።

ከሰላምታ ጋር»

ጥያቄዎቹን እንደገና እንቁጠር፤ አምስቱም አሉ። «ባስቸኳይ» ቀን ሆኗል፤ ዛቻውም እርምጃ ሆኗል። በዚህ ረገድ ለስላሳው ደብዳቤ ከሻካራው ይልቅ ጠንካራ ነው። «የት እንደምንሄድ እናውቃለን» የሚለውን ማንም ባዶ ፉከራ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ የተወሰነ ቀንና የተወሰነ ክፍል የተጻፈበትን ግን እንዲያ ማለፍ ይከብዳል። «ሦስት ወር» የሚለውም ወጥቷል። ናሙናው ከተሰጠበት እስከ ውጤቱ ድረስ የሄደው 66 ቀን ነው፤ ቤተ ሙከራው ይህችን ግነት ይዞ ስለ ቀን አቆጣጠር ብቻ መልስ በመስጠት ዋናውን ጉዳይ ሊሸሽ ይችል ነበር።

አንባቢ «ይመስለናል» የሚለውን ቃል አስተውሎ ይሆናል። ይህ ቃል በስሕተት የገባ አይደለም። ቁጥሮቹ እንደተለዋወጡ ተማሪው አላየም፤ ያየው ኖራ የበላው ማሳ ካልበላው ይልቅ አሲዳማ ሆኖ መመዝገቡን ነው። መላምቱን በጥርጣሬ ቃል ማቅረብ ለቤተ ሙከራውም ክብሩን ጠብቆ የሚመለስበትን በር ይከፍታል። ጥያቄው ላይ ግን ጥርጣሬ የለም፤ «እንዲመረምር» እንጂ «ቢመረምር» አይልም። ስለዚህ የጥርጣሬ ቃል ቦታው ስለ ምክንያት በምንናገርበት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው፤ በጥያቄው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ከገባ ጥያቄውን ይበላዋል።

ትሕትናውስ የት አለ? ጥቂቱ በአጠራሩ ነው። «እናንተ ሰዎች» ቀርቶ ኃላፊው በአክብሮት ተጠርተዋል፤ ግዴታውም በ«ቤተ ሙከራው» ላይ እንጂ በማንም ግለሰብ ላይ አልተጫነም። ዋናው ትሕትና ግን ያለው በመጠባበቂያው ናሙና ላይ ይመስለኛል። የተጠየቀው ሰው ሥራውን ለመፈጸም የሚያስፈልገውን አስቀድሞ ማቅረብ ከአሥር «በአክብሮት» ይበልጣል፤ ከጥያቄውም ምንም አይቀንስም። የቀኑ ምክንያት መነገሩም እንዲሁ ነው። ቀኑ የቁጣ ሳይሆን የዝናብ ወቅት ትእዛዝ መሆኑን የሚረዳ ኃላፊ አይከፋም።

«ይህ ሁሉ የቃላት ጉዳይ ነው» የሚል ካለ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ይመልከት። በሕጉ አንቀጽ 1772 መሠረት አንደኛው ወገን ውሉን አልፈጸመም በሚል መብቱን ለመጠየቅ የሚሻ ሰው፣ ሕጉ ለይቶ ካስቀራቸው ሁኔታዎች በቀር፣ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። አንቀጽ 1773 ማስጠንቀቂያው ባለገንዘቡ ውሉ እንዲፈጸምለት መፈለጉን የሚያሳይ እንዲሆን ይፈልጋል። አንቀጽ 1774 ደግሞ በማስጠንቀቂያው ውስጥ ተገቢ የሆነ የጊዜ ገደብ መወሰን እንደሚቻል ይደነግጋል። «ጉዳዩ ቢታይልን ደስ ይለናል» የሚል ጽሑፍ እንዲፈጸም መፈለግን ያሳያል ወይ ቢባል ብዙ ያከራክራል። ሦስተኛው ደብዳቤ ግን የሚያከራክር አይደለም። ጨዋ መሆኑም ከሕጋዊ ዋጋው አንዳች አያጎድልበትም፤ ሕጉ የሚፈልገው የፈቃድን ግልጽነት እንጂ ቁጣን አይደለምና።

ለአካባቢያችን ሁኔታ አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። የኢንተርኔት ግንኙነት በሚቆራረጥበት ስፍራ «ይህ ኢሜይል በደረሳችሁ በ10 ቀን ውስጥ» ብሎ መጻፍ ጭቅጭቅ መግዛት ነው፤ መቼ እንደ ደረሰ ማን ያስረዳል? ቀኑ በስሙ ይጻፍ፤ በሌላ የዘመን አቆጣጠር ለሚሠራ ተቀባይ ከሆነም ሁለቱም ቀኖች ጎን ለጎን ይቀመጡ።

ግልባጭም ጥንቃቄ ይሻል። ቃላቱን አለዝቦ ግልባጩን ለዲኑ፣ ለዞኑ ግብርና መምሪያና ለሦስት ሌሎች አለቆች የሚልክ ሰው፣ በፊደል ያወጣውን ስድብ በአድራሻ መልሶ አስገብቷል። በምሳሌያችን ግልባጩ የሚገባው ለተማሪው አማካሪ ብቻ ነው። የሕግ አገልግሎቱ ስሙ በደብዳቤው ውስጥ ተጠቅሷል፤ የራሱ ግልባጭ የሚደርሰው ሚያዝያ 8 ቀን ነው።