ምስል ፈጣሪ ቴክኖሎጂዎች የማሸጊያ ጽሑፍን ለምን ያዛባሉ?

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ የቡና ማሸጊያ ምስል ከሩቅ ሲታይ እውነተኛ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ሊያነበው ለሞከረ ግን ጽሑፉ ፊደል መሰል ጭረት ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ቴክኖሎጂው ፊደላትን የተማረው እንደ ቃል ሳይሆን እንደ ቅርጽ ነው። የቅጠል ጫፍ በጥቂቱ ቢዛባ ማንም አያስተውልም፤ ፊደል ሲዛባ ግን ትርጉም ይጠፋል። “ቡ”ን ከ“ቢ” የሚለየው በቀኝ እግሩ ላይ ያለው አጭር ጭረት ከመሃል መሆኑ ነው። ጭረቱ ወደ ታች ከወረደ “ቡና” “ቢና” ይሆናል።

አዳዲስ ሥርዓቶች አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላትን በአብዛኛው በትክክል ይጽፋሉ። በግዕዝ ፊደል የተጻፉ ምስሎች በመማሪያነት ከቀረቡላቸው መካከል ጥቂት በመሆናቸው ግን አማርኛ ላይ ስህተቱ ይበረታል።

አስተማማኙ መንገድ ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። በመጀመሪያ ጽሑፍ አልባ ማሸጊያ እንዲሠራ ይታዘዛል። ቀጥሎ በምስል ማስተካከያ ፕሮግራም፣ በተለየ ሌየር ላይ፣ “ቡና” የሚለው ቃል በግዕዝ ፎንት ተጽፎ የማሸጊያውን ዝንባሌና ጥላ እንዲከተል ይደረጋል። ጥራቱን ለመጨመር ሲባል የተጠናቀቀውን ምስል ዳግም በቴክኖሎጂው ማሳለፍ ግን የተስተካከለውን ፊደል መልሶ ሊያበላሽ ይችላል።