ለቅሶ መድረስ እናውቅበታለን፤ የከፋውን ሰው መድረስስ?

«ምከረው ምከረው፣ ባይሰማ መከራ ይምከረው» እንላለን። ምክር በእኛ ዘንድ የፍቅር መግለጫ ነው። ወላጅ ይመክራል፣ ጎረቤት ይመክራል፣ ታክሲ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጠ ሰው ሳይቀር ይመክራል። ይህ ልማድ ለብዙ ነገር ይጠቅማል። አንድ ቦታ ላይ ግን ይጎዳል ብዬ አምናለሁ፤ ሰው «ከፍቶኛል» ብሎ አፉን ሲከፍት።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። የ28 ዓመት ሴት ናት እንበል፤ በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ትሠራለች። አንድ ቀን ማታ ለጓደኛዋ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ሰሞኑን ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ሐሳብ በዝቶብኛል። ደስ ይለኝ የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕሙ ጠፋብኝ። ቢሮ ስገባ ግን እስቃለሁ።»

ለዚህ የተለመዱት መልሶች አራት ናቸው።

የመጀመሪያው «አይዞሽ፣ ያልፋል» ነው። አይዞሽ መልካም ቃል ነው፤ ችግሩ ብቻውን ሲመጣና ወሬውን ሲዘጋው ነው። «ያልፋል» ለተባለ ሰው ከ«እሺ» በቀር የሚመለስ ነገር የለም።

ሁለተኛው «ከአንቺ የባሰ ስንት አለ፤ የተፈናቀለውን አስቢ፣ ሥራ ያጣውን አስቢ» የሚለው ነው። ይህን እሷም ታውቃለች። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለራሷ ደጋግማ ነግራዋለች። እኛ ስንደግመው የምንጨምርላት ኀፍረትን ብቻ ነው።

ሦስተኛው «ይሄ ድብርት ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ» የሚል የምርመራ ውጤት ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አራተኛው የምክር ዝርዝር ነው፤ ስፖርት ጀምሪ፣ ቡና ቀንሺ፣ ስልክሽን በጊዜ ዝጊ፣ ጸበል ሂጂ፣ ከሰው ጋር ተቀላቀዪ። እያንዳንዱ ለብቻው ክፉ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ከአልጋ መነሣት ለከበዳት ሰው አምስት የቤት ሥራ ሰጠናት ማለት ነው። በማግስቱ አንዱንም ሳትሠራ ስትቀር፣ በሐዘኑ ላይ «ይህንንም አቃተኝ» የሚል ይጨመርበታል። ከዚያ «ጀመርሽ?» ብሎ የሚጠይቃትን ሰው መሸሽ ትጀምራለች። ጸሎትም ቢሆን፣ እሷ ራሷ አንስታው አብሮ መጸለይ አንድ ነገር ነው፤ እምነቷ እንደጎደለ አስመስሎ ማዘዝ ግን ሌላ ነው።

አራቱም መልሶች የሚመጡት ከፍቅር ነው። አራቱም ግን ሰውየውን ወደዚያው ወደ ቀድሞ ቦታው ይመልሱታል፤ ሆድ ይፍጀው ወደሚባለው።

የሚገርመኝ የተሻለውን መንገድ የማናውቅ ሰዎች አለመሆናችን ነው። ሰው ሲሞትበት ጎረቤቱ ምን እንደምናደርግ አስቡ። ሐዘን ቤት ገብተን ዝቅ ብለን እንቀመጣለን። «እግዜር ያጽናሽ» እንላለን፤ ከዚያ በኋላ ዝም ብንል ማንም አይታዘበንም። ዕድሩ ድንኳን ይጥላል፣ ሴቶቹ እንጀራና ወጥ ይዘው ይመጣሉ፣ አንዳንዱ እዚያው ያድራል። በሦስተኛው ቀን እንመለሳለን፤ በክርስቲያኑ ቤት በአርባውም እንመለሳለን። ሐዘንተኛዋን «ስፖርት ሥሪ» የሚላት የለም። ሐዘኗን በአንድ ቀን እንድትጨርስም አንጠብቅም። እዚያ ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ፤ መገኘት፣ ትንሽ ሥራ ማቅለል፣ ተመልሶ መምጣት።

ታዲያ የከፋውን ሰው ለምን እንዲህ አንደርሰውም? የሚታይ አስከሬን ስለሌለ ይመስለኛል። ለቅሶ ምክንያቱ የታወቀ ነው። ጭንቀትና የመንፈስ መውረድ ግን ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት ምክንያት የላቸውም። «ምን ጎደለሽ?» ስንላት መልስ የላትም፤ መልስ ስታጣ ደግሞ እኛ ምክንያቱንም መድኃኒቱንም ፈጥረን እናቀርባለን።

አሁን ወደ ምርመራው ልመለስ። በዕለት ተዕለት አነጋገራችን «ድብርት» ከሰነፈ እሑድ ከሰዓት አንስቶ እስከ ከባድ ሕመም ድረስ ይዘልቃል። የጤና ባለሙያ ግን ከመሰየሙ በፊት ብዙ ይጠይቃል። ሐዘኑ ወይም የፍላጎት መጥፋቱ ከቀኑ አብዛኛውን ሰዓት፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ቆይቷል? እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ጉልበት፣ ትኩረት እንዴት ናቸው? ሥራና ቤት ምን ያህል ተስተጓጎለ? ከዚያም የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክ፣ መጠጥ ወይም የሚወሰድ መድኃኒት ተመሳሳይ ስሜት አምጥቶ እንደሆነ ያጣራል። ይህ ሁሉ ከአምስት ዓረፍተ ነገር መልእክት አይነበብም። በግምት ስንሰይም በሁለቱም በኩል እንሳሳታለን፤ ወይ «ሁላችንም ይደብረናል» ብለን እናሳንሰዋለን፣ ወይ «በሽተኛ ነሽ» ብለን እናስደነግጣታለን። እሷ ያለችው «ሐሳብ በዝቶብኛል» ነው። ይህን ቃል መያዝ ይበቃናል።

የሰውን ቃል መያዝ ከንቱ ጨዋነት እንዳልሆነ ከዚምባብዌ መማር ይቻላል። ዲክሰን ቺባንዳ የተባለው የሥነ አእምሮ ሐኪም በ2006 እ.ኤ.አ. በሐራሬ ምባሬ ሰፈር ከአያቶች ጋር አንድ ሥራ ጀመረ። በማኅበረሰብ ጤና ሥራ የሚያገለግሉ አዛውንት ሴቶች ጥቂት ሥልጠና ወስደው፣ በጤና ጣቢያ ግቢ የእንጨት አግዳሚ ላይ ከመጣው ሰው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ያዳምጣሉ። የሚጠቀሙበት ቃል የሕክምና ቃል አይደለም፤ በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ትርጉሙ አብዝቶ ማሰብ ነው። ከእኛ «ሐሳብ በዛብኝ» ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። አያቶቹ መጀመሪያ ሰውየው ያለበትን ሁሉ እንዲያወራ ያደርጋሉ፤ ከችግሮቹ መካከል የትኛውን እንደሚያስቀድም የሚመርጠው ራሱ ነው፤ መላውንም አብረው ይፈልጋሉ። ይህ አሠራር በወጉ ተፈትኖ፣ ውጤቱ በ2016 እ.ኤ.አ. በታወቀ የሕክምና መጽሔት ወጥቷል፤ ከአያቶቹ ጋር የተቀመጡት ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ የተለመደውን እርዳታ ካገኙት በግልጽ ተሽለው ተገኙ። አያቶቹ የሠለጠኑ ናቸው፤ እኛ አይደለንም። ቅደም ተከተሉን ግን ልንወስድ እንችላለን፤ መስማት ይቀድማል፣ መላ ይከተላል፣ ምርጫው የባለቤቱ ነው።

እንግዲህ ለዚያች የሒሳብ ሠራተኛ ጓደኛዋ ምን ብትመልስ ይሻላል? እኔ እንዲህ ብትል እመርጣለሁ፦

«እህቴ፣ መልእክትሽን ደግሜ አነበብኩት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቻሽን ከሐሳብ ጋር መፋጠጥ፣ ጠዋት ደግሞ ቢሮ ገብቶ መሳቅ በጣም ያደክማል። ስለነገርሽኝ ደስ ብሎኛል። አሁን መልስ መስጠት የለብሽም። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፣ ቡና አፈላለሁ። ማውራት ካሰኘሽ እናወራለን፤ ካላሰኘሽ ዝም ብለን እንጠጣለን። ባትመጪም አልቀየምም፤ እሑድ እደውልልሻለሁ።»

እዚህ ውስጥ ያለውን እንየው። የእሷን ቃል ሳትቀይር መልሳላታለች፤ ዘጠኝ ሰዓቱና ሳቁ ተጠቅሰዋል፤ ስለዚህ በእርግጥ እንደተነበበች ታውቃለች። የበሽታ ስም የለም፣ ትእዛዝም የለም። «መልስ መስጠት የለብሽም» የሚለው ሸክም ያቃልላል፤ ጉልበት ላጣ ሰው ለደግ መልእክት ምላሽ መጻፍም ሥራ ነው። ግብዣው ደግሞ ቀንና ቦታ አለው። «የምትፈልጊው ነገር ካለ ንገሪኝ» ስንል የማሰቡን ሥራ ለደከመችው ሰው እናስረክባለን፤ ብዙዎች ከዚያ በኋላ ምንም አይጠይቁም።

ስትገናኙም አንድ ጥያቄ ብዙ ያግዛል፤ «ላዳምጥሽ ወይስ አብረን መላ እንፈልግ?» ምክር ክልክል አይደለም፤ ተጠይቆ ሲሰጥ ይሰማል። ከሁሉ የሚረሳው ደግሞ መመለሱ ነው። በመጀመሪያው ቀን አሥር ሰው «አይዞሽ» ይላል፤ በአምስተኛው ቀን ስልኩ ጸጥ ይላል። «ዛሬ ሌሊቱ እንዴት ነበር?» የሚል አጭር መልእክት በአምስተኛው ቀን ከመጀመሪያው ቀን ረጅም ስብከት ይበልጣል።

ማዳመጥ የማይበቃበት ቦታም አለ። ሳምንታት አልፈው ምግብ ከተወች፣ ሥራ መሄድ ካቆመች፣ አንድ ሐሳብ ብቻ ማቅረብ ተገቢ ነው፤ «ጤና ጣቢያ አብሬሽ ልሂድ?» አብሬሽ የሚለው ቃል ዋናው ነው። በአዲስ አበባ «አማኑኤል» የሚለው ስም ራሱ መቀለጃ ሆኖ ስለኖረ ብዙ ሰው ስሙን ሲሰማ ይደነግጣል። የአእምሮ ጤና አገልግሎት ግን በሌሎች ሆስፒታሎችም ይሰጣል፤ ጅማሬውም ጤና ጣቢያ ሊሆን ይችላል።

«ሞት በወሰደኝ» ወይም «ምነው ተኝቼ በቀረሁ» ስትል ደግሞ እንደ ተራ እሮሮ አንለፈው። በቋንቋችን ይህን በቀልድም በንዴትም ስለምንለው፣ የምሩን ከቀልዱ መለየት የሚቻለው በመጠየቅ ነው፤ «ራስሽን ለማጥፋት እያሰብሽ ነው?» መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ጥናቶች ይህን ደጋግመው አሳይተዋል። መልሱ «አዎ» ከሆነ ብቻዋን አትተውም፣ ምስጢር ተብሎም አይያዝም፤ የምታምነው ሰው ይጠራል፣ ልትጎዳበት የምትችለው ነገር ከአጠገቧ ይርቃል፣ ያኑ ዕለት ወደ ሆስፒታል ይኬዳል።

«እውነተኛ ወዳጅ እውነቱን ይናገራል እንጂ ዝም ብሎ አያዳምጥም» የሚል ይኖራል። እውነት መናገር ተገቢ ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው ማታ እኛ የምናውቀው እውነት ትንሽ ነው፤ እንደከፋት፣ እንቅልፍ እንዳጣችና ለእኛ እንደነገረችን ብቻ። ከዚያ የሚበልጠውን እውነት የምታውቀው እሷ ናት፤ ቀስ ብላ እንድትነግረን ጊዜ እንስጣት።