ሌሊት ዳታውን የሚበላው ማን ነው?

ባለፈው ወር ለእናቴ ቤት የገዛሁት የ100 ጊጋባይት ጥቅል በስምንተኛው ቀን አለቀ። ጥፋቱ ወዲያው በእህቴ ልጅ ላይ ተላከከ። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፣ ስልክ ከእጁ አይለይም፤ ሌላ ተጠርጣሪ የፈለገ ሰው አልነበረም። «ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም» ቢለኝም ተቆጣሁት። ልጁ እውነቱን ነበር።

ቤቱ ውስጥ ያለው በሲም ካርድ የሚሠራ የ4ጂ ራውተር ነው። ከስልኮቹ ሌላ አንድ ስማርት ቴሌቪዥንና አንድ የዋይፋይ ካሜራ ይጠቀሙበታል። ካሜራውን የላከው ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ነው፤ እናታችን ብቻቸውን ሲሆኑ ደኅንነታቸውን እንዲያይ። የራውተሩን ገጽ በስልኬ ብሮውዘር 192.168.8.1 ብዬ ከፈትኩት። የተገናኙትን ዕቃዎችና የሄደውን ጠቅላላ ዳታ ያሳያል፤ ማን ስንት እንደወሰደ ግን ለይቶ አይናገርም።

ስለዚህ ሁሉም በተኛበት ሰዓት ለካሁ። ማታ አራት ሰዓት ላይ ስልኮቹን በሙሉ ከዋይፋይ አስወጣሁ፣ ቴሌቪዥኑን በሪሞት አጠፋሁ፣ የቆጣሪውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ 3.6 ጊጋባይት ሄዷል። በማግስቱ ማታ ካሜራውን ከሶኬት ነቅዬ ደገምኩት። የሄደው 40 ሜጋባይት ብቻ ነበር።

ሒሳቡ ይኸውና። ካሜራው በሰከንድ አንድ ሜጋቢት ያህል ምስል ይልካል። ይህ ሲታይ ኢምንት ነው፤ በስምንት ሰከንድ አንድ ሜጋባይት ማለት ነው። ቀንና ሌሊት ሳያርፍ ሲልክ ግን በቀን 10.8 ጊጋባይት ይሆናል። በስምንት ቀን ካሜራው ብቻውን ከ86 ጊጋባይት በላይ ወሰደ፤ ለእናቴም፣ ለልጁም፣ ለቴሌቪዥኑም የተረፋቸው 14 አይሞላም።

ምክንያቱ መተግበሪያው ውስጥ ተገኘ። ወንድሜ ካሜራውን ሲያስጀምር በነጻ የቀረበለትን የሙከራ አገልግሎት ተቀብሎ ነበር፤ እሱም ካሜራው የሃያ አራት ሰዓቱን ምስል ሳያቋርጥ ወደ ኩባንያው ማከማቻ እንዲልክ የሚያደርግ ነው። ሰው አየውም አላየውም ይልካል። ጉዳቱ ደግሞ በጥቅሉ ብቻ አያበቃም። የሞባይል መስመር መላኪያው ከመቀበያው ይጠብባል፣ ሲግናል ሲደክም ደግሞ ይብሳል። ማታ ማታ ወንድሜ በዋትስአፕ ሲደውል የእናቴ ድምፅ የሚቆራረጠው በዚህ ምክንያት ነበር። እሳቸውን ሊያይበት የላከው ካሜራ ድምፃቸውን ነሣው።

ወደ ኩባንያው ማከማቻ የሚሄደውን የማያቋርጥ ቀረጻ አስዘጋሁና ካሜራው ውስጥ የ64 ጊጋባይት ሜሞሪ ካርድ አስገባሁ። አሁን ሙሉው ምስል እዚያው ካርዱ ላይ ይቀመጣል፤ ከአምስት ቀን በላይ ይይዛል፣ ሲሞላ በአሮጌው ላይ ይጽፋል። ወደ ውጭ የሚሄደው እንቅስቃሴ ሲኖር የሚቀረጸው አጭር ቪዲዮ ብቻ ነው። ይህን ያልተውኩት ሌባ ካሜራውን ነቅሎ ከሄደ ካርዱም አብሮት ስለሚሄድ ነው። እንዲያም ሆኖ በመጀመሪያው ቀን 2 ጊጋባይት ሄደ። ለካስ በመስኮቱ በኩል የግቢው ኮባ ይታያል፤ ነፋስ ቅጠሉን ባወዛወዘው ቁጥር ካሜራው «ሰው መጣ» ብሎ ይልካል። መስኮቱን ከሚጠበቀው ክልል ሳወጣው በቀን ከ200 ሜጋባይት በታች ወረደ።

ካሜራው ሳይኖር የሄደው 40 ሜጋባይትስ? ራውተሩ ራሱ ትንሽ ይጠቀማል፤ በሪሞት የጠፋ ቴሌቪዥንም ብዙ ጊዜ ከኢንተርኔት አይላቀቅም። ሲበራ ደግሞ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ለይቶ ለአምራቹ የሚያሳውቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ቪዚዮ የተባለው አምራች በ11 ሚሊዮን ቴሌቪዥኖች ላይ ባለቤቶቹን ሳያስፈቅድ ይህን አድርጓል በሚል ክስ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ከአሜሪካ ባለሥልጣናት ጋር ተስማምቷል። እንዲህ ያለው መረጃ በመጠኑ ትንሽ ነው፤ ጥቅል አይጨርስም፤ የቤትን ገመና ግን ያወጣል። ስለዚህ ቆጣሪው ዝቅ አለ ብሎ መተው አይበቃም፤ የቴሌቪዥኑ ቅንብር ውስጥ ገብቶ ይህን መዝጋት ያስፈልጋል።

እነዚህን ዕቃዎች የሚሠሩት ሰዎች ዳታ የማይቆጠርበትን ቤት አስበው ነው። እኛ ግን እያንዳንዷን ጊጋባይት እንገዛለን። የማብሰያ ምድጃ ካርቶን ስንት ዋት እንደሚወስድ ይነግረናል፤ የካሜራ ካርቶንም በቀን ስንት ጊጋባይት እንደሚልክ ሊነግረን ይገባል። የማያቋርጥ ቀረጻም ገዢው ዋጋውን ዐውቆ «ይብራ» ካላለ በስተቀር ተዘግቶ መምጣት አለበት።

የእህቴን ልጅ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ጥቅል ባለቀ ቁጥር ልጅ የሚቆጣ ሰው ካለ፣ ቁጣውን ለአንድ ሌሊት ያቆየውና መጀመሪያ ቆጣሪውን ይይ።