አስታዋሽ መልእክት ከቀጠሮ ስንት ቀን ይቀድማል? የተመላላሽ ሕክምና ቀጠሮ እንደ ማሳያ

የሕክምና ቀጠሮን በአጭር የስልክ መልእክት የማስታወስ አሠራር ሲዘረጋ፣ የመላኪያው ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው በሥርዓቱ አመቺነት ነው። ከቀጠሮው አንድ ቀን አስቀድሞ ለሁሉም ታካሚ አንድ ዓይነት ቃል ይላካል፤ በዚያም ሥራው እንደ ተጠናቀቀ ይቆጠራል። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ቆጠራው ከሌላ ቦታ መጀመር አለበት ብሎ ነው። ቆጠራው መነሣት ያለበት ተቀባዩ አንድ ነገር ማድረግ ከሚችልበት የመጨረሻ ቀን ነው። መልእክቱ ሲደርሰው ቀጠሮውን ለመለወጥም ሆነ ለመሰናዳት ጊዜ የሌለው ሰው ማስታወሻ ሳይሆን ወቀሳ ደርሶታል ማለት ይቻላል።

ነገሩን በአንዲት ታካሚ አስቦ ማየት ይጠቅማል። ከዞን ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ የምትኖር የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ሕክምናዋም በሚዋጥ መድኃኒት ነው። በነሐሴ የተሰጣት የክትትል ቀጠሮ ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ይውላል። የመሳፈሪያ ገንዘቧን የምታገኘው ቅዳሜ ገበያ ከምትሸጠው ነገር ነው። ረቡዕ ቢነገራት ገበያው አልፏል፣ ቤቱን የሚጠብቅላትም ሰው አልተገኘም። ስለዚህ የመጀመሪያው መልእክት ከሰባት ቀን በፊት፣ ሐሙስ ኅዳር 4 ሊደርሳት ይገባል። ሰባት ቀን የተመረጠው ቁጥሩ ሙሉ ስለሆነ አይደለም፤ በመልእክቱና በቀጠሮው መካከል ቢያንስ አንድ የገበያ ቀን እንዲውል ነው። ደመወዝተኛ በሚበዛበት ከተማ ለአለቃ ፈቃድ ለመጠየቅ አራት ቀን ሊበቃ ይችላል።

የዚህ የመጀመሪያ መልእክት ተግባር ታካሚዋ «አይመቸኝም» እንድትል በር መክፈት ነው። ቃሉም ይህን መምሰል አለበት፦

«ቀጠሮዎ ሐሙስ ኅዳር 11 ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ካልተመቸዎት እስከ ማክሰኞ በ(ስልክ ቁጥር) ይደውሉ።»

ዐሥር አሃዝ ያለው ስልክ ቁጥር ሲገባበት መልእክቱ 64 ቦታ ይይዛል። ይህ ስሌት ቀላል ነገር አይደለም። በላቲን ፊደል የሚጻፍ አንድ አጭር መልእክት 160 ቦታ ሲኖረው፣ አንድ የግዕዝ ፊደል እንኳ ከገባበት የቦታው መጠን ወደ 70 ይወርዳል። ከዚያ ካለፈ ሁለት መልእክት ሆኖ ይከፈልበታል። ፊደላችን ክፍለ ቃልን በአንድ ምልክት ስለሚጽፍ 70 ቦታ እንደሚመስለው ጠባብ አይደለም፤ ነገር ግን ለሰላምታና ለምክር አይተርፍም። በአንጻሩ «እርስዎ» የሚለው አክብሮት ከሚወስደው ቦታ በላይ ይከፍላል። የተቀባዩ ጾታ በመዝገቡ ላይ በስሕተት ቢሰፍር እንኳ «አንተ» እና «አንቺ» ከሚያስከትሉት ቅሬታ ያድናልና።

የቀኑና የሰዓቱ አጻጻፍ ግን ከሁሉ የሚከፋ አደጋ አለበት። የመላኪያው ፕሮግራም ቀኑን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር «20/11» ብሎ ቢያወጣ፣ ተቀባይዋ ሐምሌ 20 ብላ ልታነብበው ትችላለች። «9:00» ተብሎ የወጣ ሰዓትም በእርሷ ዘንድ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ ስድስት ሰዓት ዘግይታ ትደርሳለች። በአንድ ክሊኒክ ከሰዓት በኋላ «ጠዋት አልመጡም» ተብለው የሚመለሱ ታካሚዎች ቢበዙ፣ ቸልተኝነታቸውን ከመመርመር በፊት የተላከላቸውን ሰዓት መመርመር ይሻላል።

ሁለተኛው መልእክት ከሁለት ቀን በፊት፣ ማክሰኞ ጠዋት ይወጣል። አሁን የቀኑ ቁጥር አያስፈልግም፤ የዕለቱ ስም ይበቃል። የግሡም ጠባይ ይለወጣል፦ «ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት እንጠብቅዎታለን። የሚመጡ ከሆነ 1፣ የማይመጡ ከሆነ 2 ብለው ይመልሱ።» የመጀመሪያው ያሳውቃል፣ ይህኛው መልስ ይጠይቃል። ማክሰኞ የተመረጠበት ምክንያት ለተቋሙ ነው። «2» የሚል መልስ ከመጣ ክፍት የሆነውን ቦታ ለሌላ ተጠባባቂ ለመስጠት ረቡዕ ሙሉ ቀን ይቀራል። ረቡዕ ማታ የሚመጣ «2» ግን ለማንም አይጠቅምም።

የቃል ለውጥ ብቻውን ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳይ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የለንደን ሆስፒታሎች ጥናት፣ በመልእክቱ ውስጥ አንድ የባከነ ቀጠሮ በጤና አገልግሎቱ ላይ የሚያስከትለውን ወጪ በገንዘብ መጥቀስ ሳይመጡ የሚቀሩትን ከ11.1 በመቶ ወደ 8.4 በመቶ እንዳወረደ ያሳያል። ይሁን እንጂ ቃሉን እንዳለ ማምጣት አይገባም። የመጓጓዣውን ወጪ ራሷ ለምትሸፍን ገበሬ «ባለመምጣትዎ ሆስፒታሉ ይከስራል» ማለት ክብደቱም ትርጉሙም ሌላ ነው። እዚህ «እንጠብቅዎታለን» የሚለው ግሥ የሚበልጥ ይመስላል፤ ይህም በሙከራ ሊፈተን የሚችል ግምት ነው።

ሦስተኛው መልእክት በሰዓት እንጂ በቀን አይቆጠርም። ለከተማ ነዋሪ ከቀጠሮው ሦስት ሰዓት በፊት፣ ማለትም ንጋት 12 ሰዓት ላይ ቢላክ ይበቃል። ያቺ ታካሚ ግን በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ናት። ለእርሷ ረቡዕ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ከቀጠሮው 17 ሰዓት ቀድሞ መውጣት አለበት፦ «ነገ ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት። ከራት በኋላ ምግብ አይብሉ፤ ውኃ ይፈቀዳል። ካርድዎን ይያዙ።» ጥያቄ የለበትም፤ ሁሉም ትእዛዝ ነው፤ ምክንያቱም ከእንግዲህ የሚወሰን ነገር የለም። (ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው ይህ ቃል በጅምላ ሊላክ አይገባም፤ ሳይበላ ረጅም መንገድ መጓዙ ራሱ ጉዳት ነውና መመሪያውን ሐኪሙ በቃል መስጠት አለበት።)

«ነገ» ከ«ሐሙስ» ጋር የተያያዘው ለማሳመር አይደለም። ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ከነበረ መልእክቱ ሲከፈት ሐሙስ ንጋት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ «ነገ» ብቻውን ዓርብ ይሆናል። «ስኳር» የሚለው ቃል የቀረውም ታስቦበት ነው፤ ስልኩ የቤተሰብ ሊሆን ይችላል።

አራተኛና አምስተኛ መልእክት ለመጨመር የሚያስቡ ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የኬንያ ጥናት መድኃኒት መውሰድን የሚያስታውሱ መልእክቶችን አነጻጽሮ፣ በየሳምንቱ የተላኩት ውጤት ሲያሳዩ በየቀኑ የተላኩት አለማሳየታቸውን አግኝቷል። መድኃኒት መውሰድና ቀጠሮ ላይ መገኘት አንድ አይደሉም፤ ቢሆንም መልእክት በበዛ ቁጥር ይሠራል የሚለውን እምነት ያናጋል።

እንዲህ ያለውን አሠራር የሚያጠና ተማሪ የመጡትን ብቻ ቢቆጥር ዋናው ነገር ያመልጠዋል። ባዶ ከቀሩት ቦታዎች ውስጥ ስንቶቹ እስከ ማክሰኞ ማታ ታውቀው እንደነበር አብሮ መመዝገብ አለበት። ለመጀመሪያው መልእክት የሚደውል ጠፍቶ ለሁለተኛው «2» የሚሉት ከበዙ፣ ወይ ሰባት ቀን ለዚያ አካባቢ አንሷል፣ ወይም የተሰጠውን ስልክ የሚያነሣ ሰው የለም። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ቁጥሩን ራስ ደውሎ መሞከር ነው።